ለምጽና ሥጋ ደዌ በአንድ ስም አይጠሩ

በገነተ ማርያምና በላስታ ደጋ ሁሉ ሕዝባችን የብሉይ ኪዳንን ታሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ ያድጋል። የሙሴ እኅት ማርያም በሐሜቷ ምክንያት መንጣቷን፥ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝም ስለ ስስቱ በለምጽ መመታቱን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በአንድ ሕፃን ጉንጭ ላይ ነጭ ምልክት የታየ እንደ ሆነ፥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ወላጆቹ ኀጢአት ነው። ቀጥሎም ነገሩ ከቁምጥና ጋር ተቀላቅሎ፥ ሕፃኑ ከማዕድም ከጨዋታም ይለያል።

እኛ ግን ኦሪት ራሷ እንዲህ ያለ ችኮላ አታስተምርም እንላለን። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ ምልክቱን መርምሮ፥ የሚያጠራጥር ቢሆን ሰባት ቀን ቆይቶ ዳግመኛ እንዲያይ ታዟል፤ ሰውነቱ ሁሉ ነጭ የሆነውን ሰውም ንጹሕ ነው እንዲለው ተጽፏል። በመጻሕፍት ለምጽ የተባለው የብዙ ዓይነት የቆዳ ደዌ ስም ነው። ዛሬ ለምጽ የምንለው ግን አንድ የታወቀ ሕመም ሲሆን፥ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አንድ በማይሞላው ላይ ይታያል።

ሁለቱን መለየት ለአስተማሪ አስቸጋሪ አይደለም። የዐሥር ዓመት ተማሪ በከንፈሯ ጠርዝና በሁለቱ እጆቿ ጣቶች ላይ ነጭ ምልክት ወጣባት እንበል። አስተማሪዋ ልጅቱን ከጓደኞቿ ፊት ሳይሆን ከእናቷ ጋር ለብቻዋ ትጥራት። ከጥጥ ጥቂት ወስዳ ጫፉን ታሹለው፤ ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና ሳለ አንድ ጊዜ ነጩን፥ አንድ ጊዜ ደኅናውን ቆዳ በቀስታ ትንካው፤ ልጅቱም የተነካችበትን ቦታ በጣቷ ታመልክት። ለምጽ ከሆነ ሁለቱም ቦታ እኩል ይሰማል። መልኩም እንደ ወተት የነጣ፥ ዳርቻው የለየ፥ ቅርፊት የሌለው ነው፤ ብዙ ጊዜም በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ይወጣል። የሥጋ ደዌ ምልክት ግን ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል እንጂ ፈጽሞ አይነጣም፤ ስሜቱም ይደነዝዛል። ነገር ግን ፊት ብዙ ጅማተ ስሜት ስላለው፥ በዚያ የወጣ የሥጋ ደዌ ምልክት ስሜቱን ሳያጣ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በጣቶቹ ላይ የተገኘው ውጤት ይበልጥ ይታመናል፤ ያጠራጠረውን ሁሉ ደግሞ ሐኪም ይየው። ሥጋ ደዌም ቢሆን በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት በ6 ወይም በ12 ወር የሚድን ስለ ሆነ፥ አንዱን ሕመምተኛ ከነቀፋ ለማዳን ሌላውን መንቀፍ አይገባም።

የለምጽ ምክንያት የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ተሳስተው የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት መግደላቸው ነው። ዝንባሌው በዘር ይወረሳል፤ በመንካትም፥ አብሮ በመብላትም ግን አይተላለፍም። ቆዳ በተፋቀበትና በተቃጠለበት ስፍራ አዲስ ምልክት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ነጩን በሚያቃጥል ቅጠል ወይም በአሲድ መላጥ ለምጹን እንዲሰፋ መጋበዝ ነው። የላስታ የደጋ ፀሐይም ቀለም የሌለውን ቆዳ በቶሎ ያቃጥላልና በነጠላ ወይም በባርኔጣ መጋረድ ይገባል።

ሕክምናው አለ፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሐኪም ለፊት ታክሮሊመስ የተባለውን ቅባት፥ ለሌላው ገላ ቤታሜታዞንን ሊያዝ ይችላል። ሁለተኛው በፊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ቢቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ከገበያ በዘፈቀደ መግዛቱ የሚጎዳው ስለዚህ ነው። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል የተመጠነ የአልትራቫዮሌት ጨረር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ ለብዙ ወራት ይሰጣል። መሻሻሉ የሚታወቀው በነጩ መካከል፥ በጠጕር ሥር ዙሪያ፥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ሲወጡ ነው፤ አዲሱ ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነውና። በዚሁ ምክንያት ፊት ደኅና ሲመለስ፥ ጠጕር የሌለበት የጣት ጫፍና ጠጕሩ የነጣበት ስፍራ እምብዛም አይመለስም። የልጅቱ ከንፈር ዳር ሊሻሻል ይችላል፤ ጣቶቿ ግን እንዳሉ ሊቀሩ ስለሚችሉ ይህን አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ጠበል የምትሄድ ብትሆን ትሂድ፤ ቅባቷን ግን አታቋርጥ።

ከገነተ ማርያም ተነሥቶ ደሴ አጠገብ እስካለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ሌላ ችግር ያጋጥመዋል። ሆስፒታሉ በሥጋ ደዌ ሕክምና ከጥንት የታወቀ ስለ ሆነ፥ «እዚያ ታየሁ» ብሎ የሚያፍር አይታጣም። ልጅቱንም ከቆዳዋ ይልቅ የሚያደክማት ይህ ነው፤ እጇን በነጠላ ሸፍና ትጽፋለች፥ ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን አታነሣም፥ «ማን ያገባኛል» የሚለውን ሐሳብም ገና በልጅነቷ ትጀምራለች። አስተማሪዋ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ የምትመልሰውን ቃል ታስጠናት፦ «ለምጽ ነው፤ አይተላለፍም፤ አያመኝም።» ከዚያም በክፍሉ ፊት ጠመኔውን ከእጇ ወደ እጇ ታቀብላት።