የአንድ ሰዓት ልዩነት፣ የአንድ ወር ርቀት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ቬትናሞች አዲሱን ዓመት በጃንዋሪ 21 ሲያከብሩ፣ ቻይናዎች እስከ ፌብሩዋሪ 20 ድረስ ጠበቁ። የሁለቱም አቆጣጠር ደንብ ግን አንድ ነው። እንቁጣጣሽን መስከረም 1 ቀን ለለመደ ሰው ነገሩ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ በዓለ ትንሣኤን በባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ሰው ግን ጨረቃንና ፀሐይን ማስታረቅ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ያውቃል።

የጨረቃ አሥራ ሁለት ወር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ አዲሱ ዓመት ከወቅቱ እንዳይርቅ በፀሐይ ምልክት መታሰር አለበት። ምልክቱም በሰሜኑ የምድር ክፍል ቀኑ እጅግ የሚያጥርበት ዕለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 21 ወይም 22 ላይ ይውላል። ይህ ዕለት የሚገኝበት የጨረቃ ወር አሥራ አንደኛው ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ የምትወለደው ጨረቃ አሥራ ሁለተኛውን ወር፣ ሁለተኛዋ ደግሞ አዲሱን ዓመት ትከፍታለች። በዚህም የተነሳ በዓሉ ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል።

እዚህ ላይ ጨረቃን በዓይን ማየት አያስፈልግም። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትገናኝበት ቅጽበት በሒሳብ ይወጣል፤ ቅጽበቱ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ወሩ የሚጀምረው ከዚያው ዕለት እኩለ ሌሊት ነው። የሁለቱ አገሮች መለያየት የመጣው ከዚህ ነው። ቻይና የምትቆጥረው በቤይጂንግ ሰዓት ነው፤ ቬትናም በሐኖይ ሰዓት፣ እሱም በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።

በ1984 መጨረሻ ፀሐይ ወደ ደቡብ መውረዷን ያበቃችው ሐኖይ ላይ ለእኩለ ሌሊት 37 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው፣ ዲሴምበር 21 ቀን ነበር። በዚያችው ቅጽበት ቤይጂንግ ላይ እኩለ ሌሊት 23 ደቂቃ አልፎ ዲሴምበር 22 ገብቷል። ጨረቃዋ ደግሞ በሁለቱም ከተሞች ዲሴምበር 22 ማምሻውን ተወለደች። ስለዚህ ለቻይናዎች ጨረቃዋና አጭሩ ቀን በአንድ ዕለት ዋሉ፤ በዚያ ዕለት የጀመረው ወር አሥራ አንደኛው ሆነ። ለቬትናሞች ግን አጭሩ ቀን ባለፈው ወር የመጨረሻ ዕለት ላይ ስለዋለ፣ ያው ወር አሥራ ሁለተኛው ሆኖ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወር በአንድ ደረጃ ተዛነፈ፤ እስከ በዓሉም 30 ቀን ልዩነት ቆየ።

“ሁለተኛዋ ጨረቃ” የሚለው አባባል ራሱ ሁልጊዜ አይሠራም። ከአንዱ አሥራ አንደኛ ወር እስከ ሚቀጥለው ዓመት አሥራ አንደኛ ወር ድረስ 13 ጨረቃ ከተወለደች፣ አንዷ ተራ ቁጥር ሳይኖራት በጭማሪነት ትገባለች። ጭማሪው በጋ ላይ ቢውል አዲሱን ዓመት አይነካውም። በ2033 ግን የሚውለው ልክ ከአሥራ አንደኛው ወር ቀጥሎ ነው። አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 ሆኖ ጨረቃ ዲሴምበር 22፣ ከዚያም ጃንዋሪ 20 ትወለዳለች፤ ቻይናዎች ግን ሁለቱንም አሳልፈው በሦስተኛዋ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2034 ያከብራሉ።