«ሰላም» ብቻ ለምን መልስ ያጣል?

ዋትስአፕን ከፍታችሁ ወደ ታች ብትወርዱ «ሰላም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዘው የተቀመጡ መልእክቶች አታጡም። ከፊሎቹ እናንተ ልካችሁ መልስ ያላገኛችሁባቸው ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ተልኮላችሁ ሳትመልሱ የቀራችሁባቸው። ስለዚህ ነገር ስናወራ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ «ሰው ሰላምታ መመለስ እንኳን ተወ፤ ዘመኑ ከፋ።» እዚህ ጅቡቲ ከተማ ተቀምጠን ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባና ከሐረር ጋር በስልክ የምንነግድ እኛ ግን ጥፋቱን ሁሉ በዘመኑ ላይ መጣል ትክክል አይመስለንም። ባዶው ሰላምታ ራሱ ስልክ ላይ ሲደርስ የሚጎድለው ነገር አለ።

በአማርኛ ሰላምታችን ረጅም ነው። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ልጆች? ቤተሰብ? ሥራ እንዴት ነው?» እየተባለ ይቀጥላል፤ መልሱም ከጥንት የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ደህና»። ጥያቄው ብዙ ነው፤ ወሬ ግን የለበትም፤ የታመመም የከሰረም ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው «ደህና» ብሎ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ምክንያቱም የቀረውን ዓይንና ፊት ይሞላዋል። ሪያድ ገበያ ውስጥ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ሰላም ያላችሁት ሰው ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደያዛችሁ፣ ተቆጥታችሁ ይሁን ደስ ብሏችሁ በአንድ እይታ ያውቃል። ዝም ቢላችሁም ነውር ነው፤ አጠገቡ ያሉት ያዩታል።

ስልክ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ተቀባዩ ስልኩን ሳይከፍት የሚያየው ስሙን ወይም ቁጥሩን ከመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ጋር ብቻ ነው። ቁጥሩን ካልመዘገበው የሚያየው በ+251 ወይም በ+253 የሚጀምር ቁጥርና «ሰላም» የሚል ቃል ይሆናል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ በእሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ «ማን ልበል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን መጠበቅ፣ ከዚያ «ምን ልታዘዝ?» ማለት። ይህን የሚያስበው ደግሞ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ፣ እቃ እየተቆጠረ ነው። «ማታ እመልሳለሁ» ይላል፤ እስከ ማታ ሌላ ሃያ መልእክት ከላዩ ይከመራል።

ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ ያልተናገርነው ሰው በድንገት «ሰላም» ሲለን አእምሯችን ቀድሞ የሚሄደው «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» ወደሚለው ነው። ብድር ይሆን? የዱቤ ጥያቄ ይሆን? ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በዚያ ላይ በማይታወቅ ቁጥር በባዶ ሰላምታ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ አላምዶ ገንዘብ መንጠቅ በዓለም ሁሉ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ሆኗል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለማያውቀው ቁጥር «ሰላም» አለመመለስን እንደ ጥንቃቄ ይዞታል። ዝም ያላችሁ ሰው የግድ ባለጌ አይደለም፤ የተጠነቀቀ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዙሪያችን ያሉት ሰዎች ሰላምታቸውን ከወሬ ጋር አስረው ነው የሚኖሩት። ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን «ኢስካ ወረን» ይላሉ። ቃል በቃል «የራስህን ወሬ ንገረኝ» ማለት ነው፤ «ወር» ወሬ ነውና። አፋሮች ደግሞ «ዳጉ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው፣ ካለፉበት አገር ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ የት አለ? ገበያው እንዴት ዋለ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? የሰማ ሰው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ወሬ ሰጥቶ ወሬ መቀበል ነው እንጂ አንዱ ጠያቂ አንዱ ተጠያቂ የሚሆንበት አይደለም። ከብቱን በማን ሜዳ እንደሚያሰማራ ማወቅ ለሚኖርበት ሰው ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ኑሮው ነው።

የእኛም ንግድ ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ የምንለው እንዲህ ነው፤ ሰላምታችሁን አትተዉ፣ ግን ከአንዲት ቀላል የማወቅ ጥያቄ ጋር በአንድ መልእክት ላኩት።

ቀላል ስንል፣ ተቀባዩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ደብተር ሳያገላብጥ፣ ሰው ሳይጠይቅ በአንድ ትንፋሽ የሚመልሰው ማለታችን ነው። የማወቅ ስንል ደግሞ፣ እሱ የሚያውቀው እኛ የማናውቀው፣ ቢነግረንም ኪሱን የማይነካ ነገር ማለታችን ነው። ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የሚያሳስበው ሊሰጥ የማይፈልገውን ሲጠየቅ ነው።

አንድ ነገር በምሳሌ እንይ። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት የድሪያ ጨርቅ ትሸጣለች። ድሬዳዋ ውስጥ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ ስልክ ከሌላ ደንበኛ አገኘችና «ሰላም» ብላ ላከች። ተነበበ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን «ሰላም ነው?» ብላ ደገመች። አሁንም ዝም። ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ ተመካክረን፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰላም ነው እህቴ? ከጅቡቲ ነኝ፤ ድሪያ የምሸጠው። ስልክዎን የሰጡኝ ከእኔ ጨርቅ የሚወስዱት ጎረቤትዎ ናቸው። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነው፤ እዚህ ዘንድሮ ለሰርግ የሚጠይቁን ሁሉ ፈዘዝ ያለ ቀለም ነው። ድሬም እንደዚያ ነው ወይስ እናንተ ጋ አሁንም የሚሄደው ደማቁ ነው?»

መልሱ በዚያው ምሽት በድምፅ መጣ። «ኧረ እህቴ፣ እዚህ ፈዛዛውን ማን ነክቶት! ሙሽራዋ ከሩቅ ካልታየች ምኑን ሰርግ ሆነ?» ብላ ጀምራ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጨርቁ ክብደት፣ ስለ ገበያው መቀዝቀዝ ሳትጠየቅ ተናገረች። አስተውሉ፤ ስለ ዋጋ አልተጠየቀችም፤ ከማን እንደምትገዛ አልተጠየቀችም። የተጠየቀችው ከ«ይሄ» ወይም «ያ» አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። የላከችዋ ማንነትና ስልኩ የተገኘበት መንገድም ከሰላምታው ቀጥለው ባሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አልቋል።

ቀጥሎ የሚደረገው ከጥያቄው እኩል ይከብዳል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ መልሱ እንደመጣ ወዲያው የአሥር ጨርቅ ፎቶና ዋጋ ይደረድራል። ያን ጊዜ ጥያቄው ማጥመጃ እንደነበረ ይታወቃል። እሷ ግን መጀመሪያ ለመልሱ መልስ ሰጠች፤ «ይሄን ባላውቅ ኖሮ ፈዛዛውን ጭኜ ልመጣ ነበር» አለች፤ ከዚያ የራሷን ወሬ ጨመረች፤ እዚህ የገባው አዲሱ ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚሸበሸብ ነገረቻት። ይህ ለድሬዋ ነጋዴ የሚጠቅም ወሬ ነው። በማግስቱ ብቻ የሦስት ደማቅ ጨርቅ ፎቶ ላከች። ዳጉ ማለት ይኸው ነው፤ ተቀበልክ፣ ሰጠህ፣ ከዚያ ጉዳይህን ተናገርክ።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ጅቡቲ ውስጥ ጫቱ ከደረሰ በኋላ ከተማው ይቀዘቅዛል፤ በበጋው ሙቀት ሱቁ ሁሉ ቀትር ላይ ተዘግቶ ወደ ማታ ነው የሚከፈተው። ዓርብ ደግሞ የእረፍት ቀን ነው። ከአገር ቤት የምትጽፉልን ወገኖች፣ ዓርብ ቀትር ላይ የላካችሁት መልእክት መልስ ቢያጣ ከመቀየማችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ይህ መንገድ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ለትራንዚተራችሁ ስትጽፉ ጨዋታ አያስፈልግም፤ እሱ የሚፈልገው የጭነት ሰነዱን ቁጥርና አንድ ግልጽ ጥያቄ ነው፤ «ዛሬ ይወጣል ወይስ ነገ?» ሐዘን ላይ ላለ ሰው ጥያቄ አይላክም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መልስ ሳይጠብቁ መተው ነው። «ቀረጥ ስንት ከፈልክ?»፣ «እቃውን ከማን ነው የምታመጣው?» የሚሉት ቀላል ቢመስሉም ቀላል አይደሉም፤ የሰው ጓዳ መግባት ናቸው። ሴት ነጋዴዎች ደግሞ ለማናውቀው ወንድ ስንጽፍም ሆነ ከማናውቀው ወንድ ሲጻፍልን ጥያቄው ስለ እቃና ስለ ገበያ ብቻ ቢሆን ለሁሉም ደህና ነው። «ብቻሽን ነው የምትሠሪው?» የሚል ጥያቄ መልስ አይገባውም።

መልሱን እያወቁ መጠየቅም ይነቃል። የድሬ ሰርግ ቀለም ምን እንደሆነ እያወቃችሁ ለወሬ መክፈቻ ብቻ ብትጠይቁ፣ ለመልሱ በምትሰጡት ቀዝቃዛ ምላሽ ትታወቃላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቁ ዝም ትባላላችሁ፤ ያኔ ዝምታው ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት «ይህን ቢነግረኝ የምለውጠው ነገር አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከሌለ አትላኩት።

አንዳንድ ታላላቆቻችን «ሰላምታ ለሰላምታነቱ ነው፤ ከጉዳይ ጋር ማሰር ጥቅመኝነት ነው» ይሉናል። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኛ ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። ባዶው «ሰላም» ጉዳዩን ደብቆ ተቀባዩ እንዲጎትተው ያደርጋል፤ የሚመጣውም ጉዳይ ከኋላ መምጣቱ አይቀርም። ማን እንደሆንን ተናግሮ፣ በቀላሉ የሚመለስ ነገር ጠይቆ፣ የራስን ወሬ ይዞ መቅረብ ግን የሰውን ጊዜ ማክበር ነው። ለእናትና ለአባታችን፣ ለጎረቤታችን፣ ለወዳጃችን ያለ ምንም ጉዳይ «እንዴት አደራችሁ» እንበል፤ እነሱ ድምፃችን ብቻ ይበቃቸዋል። ለማያውቀን ሰው ግን ድምፃችን ገና ምንም አይነግረውም። የምትነግረው ጥያቄያችን ናት።