ማጣበቅና ማስወገድ የጥናቱ ግኝት አካል ናቸው፦ የመንገድ ሌየርን ለጉዞ ስሌት ስለማዘጋጀት

በተደራሽነት ጥናቶች የሥነ ዘዴ ክፍል ውስጥ «የመንገዱ ሌየር ጸድቶ ለስሌት ተዘጋጅቷል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘውትራ ትገኛለች። በስንት ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ ጫፎች እንደተጣበቁ፣ የትኞቹ መስመሮች እንደተወገዱ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ ግን አትናገርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በማስተርስ ጥናቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር አስፍሮ ነበር። እንዲጠራጠራት ያደረገው አንድ ጤና ኬላ ነው። በሳተላይት ምስሉ ላይ ጠጠር መንገድ በግልጽ ይደርሰዋል፤ በጥሬው ሌየርም ላይ መንገዱ አለ። በስሌቱ ውጤት ላይ ግን ጤና ኬላው «የማይደረስበት» ተብሎ ቀላ። ምክንያቱ ሲፈለግ መንገዱን ያጠፋው የማጽዳት ሂደቱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ጤና ኬላው በር ላይ የሚያበቃ በመሆኑ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ከሌሎች ተንጠልጣይ መስመሮች ጋር ተወግዶ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለአንድ ነጥብ ነው። ሁለት ጫፎችን ማጣበቅ «በዚህ ቦታ መንገድ አለ» ብሎ መመስከር ነው፤ ተንጠልጣይ መስመርን ማስወገድ ደግሞ «በዚህ ቦታ መንገድ የለም» ብሎ መመስከር ነው። ሁለቱም ስለ መሬቱ የሚሰጡ ፍርዶች ስለሆኑ እንደ ማንኛውም ግኝት ተመዝግበው ለአንባቢ መቅረብ አለባቸው።

ተንጠልጣይ መስመር የሚባለው ቢያንስ አንዱ ጫፉ ከሌላ መስመር ጋር ያልተገናኘ መስመር ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ብቻ ያያል። በመሬት ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይህን መልክ ይይዛሉ። አንደኛው ሣዩ ሳያደርሰው የቀረ መስመር ነው፤ መንገዱ በእውነት ይገናኛል፣ በሌየሩ ላይ ግን ጥቂት ሜትር ይጎድለዋል። ሁለተኛው መገናኛውን አልፎ የሄደ ትርፍ ጭራ ነው። ሦስተኛው ምንም ስሕተት የሌለበት፣ በእውነት መጨረሻው ላይ የቆመ መንገድ ነው። የመጀመሪያው መጣበቅ፣ ሁለተኛው መቆረጥ፣ ሦስተኛው ሳይነካ መቅረት አለበት። በከተማ ውስጥ ሦስተኛው ዓይነት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስለሚሆን ቢጠፋ ጉዳቱ ላይጎላ ይችላል። በገጠር ግን ወረዳን ከቀበሌ የሚያገናኙ መንገዶች በአብዛኛው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ናቸው፤ ከዋናው ተነሥተው ቀበሌው ላይ ያበቃሉ። ተንጠልጣይ ሁሉ ይወገድ ከተባለ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ይጠፋል፤ ትእዛዙ ሲደገም ከርሱ በፊት የነበረው በተራው ተንጠልጣይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ኔትወርኩ ከዳር ወደ መሐል እየተበላ የሚተርፈው ዞሮ የሚገጥም መንገድ ብቻ ነው። የተደራሽነት ጥናት ሊያያቸው የሚፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ ያሉት በዳሩ ነው።

ቅደም ተከተሉን ለማሳየት አንድ ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አንድ ዋና ጠጠር መንገድ አለ። «ሀ» የተባለው የቀበሌ መንገድ ከደቡብ መጥቶ ዋናው ላይ ሊደርስ 3 ሜትር ሲቀረው ቆሟል። «ለ» ዋናውን ተሻግሮ 5 ሜትር አልፏል፤ በመሻገሪያው ላይ ግን አንጓ የለም። «ሐ» ከ«ሀ» ተገንጥሎ 1.4 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጤና ኬላ በር ላይ ያበቃል። «መ» 40 ሜትር ርዝመት ያለው ወደ ጤና ጣቢያ ግቢ የሚያስገባ መንገድ ሲሆን እርሱም ከዋናው 3 ሜትር ይጎድለዋል። በግራስ ጂአይኤስ ሥራው በዚህ ይጀምራል፦

```
v.clean input=menged output=menged_1 type=line tool=snap,break,rmdupl threshold=4,0,0
```

በመጀመሪያ በ4 ሜትር ውስጥ ያሉ የመስመር ነጥቦች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ዋናው መንገድ በዚያ ርቀት ውስጥ የራሱ ነጥብ ካለው «ሀ» እና «መ» ዋናው ላይ ይደርሳሉ። ቀጥሎ መስመሮች በሚነካኩበትና በሚቋረጡበት ቦታ ሁሉ ተሰብረው አንጓ ይፈጠራል። መሰበሩ ለ«ለ» ወሳኝ ነው፤ 5 ሜትሩ ጭራ ራሱን የቻለ መስመር የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ከመሰበሩ በፊት ፕሮግራሙ የሚያየው አንድ ረጅም መስመር እንጂ ጭራ አይደለም። በመጨረሻ ድግግሞሾች ይወገዳሉ። ጭራውን የማስወገድ ተራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦

```
v.clean input=menged_1 output=menged_2 type=line tool=rmdangle threshold=6 error=yetewegede
```

ገደቡ 6 ሜትር ስለሆነ የ«ለ» ጭራ ይቆረጣል፤ 1.4 ኪሎ ሜትሩ «ሐ» እና 40 ሜትሩ «መ» ይተርፋሉ። የገደቡ ቁጥር አሉታዊ ቢሆን ኖሮ ርዝመት ሳይለይ ተንጠልጣዩ ሁሉ ይወገድ ነበር፤ ከላይ የተነገረው ጤና ኬላ መንገዱን ያጣው በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ በ50 ሜትር ገደብ ማስወገዱ ቢቀድም ደግሞ «መ» ሳይጣበቅ ይሰረዛል፤ 3 ሜትር ብቻ የጎደለው መንገድ በሙሉ ይጠፋል ማለት ነው። በትእዛዙ መጨረሻ ያለው `error` የተወገዱትን መስመሮች በተለየ ሌየር ያስቀምጣል። ይህን ሌየር በሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ ማየት ጊዜ አይፈጅም፤ የተቆረጠው ጭራ ይሁን መንገድ ወዲያው ይለያል።

የማጣበቂያውን ርቀት መምረጥ ከዚህ ይከብዳል። ብዙዎቻችን 5 ወይም 10 ሜትር የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው። ርቀቱ መነሣት ያለበት ግን ከመረጃው አሳሳል ነው። ከ1፡50,000 ካርታ ላይ በእጅ የተሣለ መስመር በካርታው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት በመሬት ላይ 25 ሜትር ይሆናል። ከጥራት ያለው ምስል ላይ የተሣለ መስመር ግን ያን ያህል አይስትም። ለካርታው የሚበቃው 25 ሜትር በምስሉ ላይ በተሣለ ሌየር ቢሠራበት በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ተለያይተው የተሣሉትን የመሄጃና የመመለሻ መስመሮች አንድ ያደርጋቸዋል።

የሚሻለው ዘዴ መረጃውን ራሱን መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ተንጠልጣይ ጫፍ ከሌላ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ ተለክቶ ርቀቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ። የአሳሳል ስሕተቶች ከታች ተሰብስበው ይታያሉ፤ እውነተኛ መጨረሻዎች ከላይ ይበታተናሉ። ገደቡ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ላይ ቢሆን ምክንያት አለው። የርቀቱ መለኪያ ሜትር መሆኑንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ሌየሩ በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ ላይ እያለ 5 ተብሎ ቢጻፍ 5 ዲግሪ፣ ማለትም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ለአብዛኛው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክፍል ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይስማማል፤ ጋምቤላን የመሰለ ምዕራባዊ አካባቢ ግን በዞን 36 ውስጥ ይወድቃል።

ሆኖም ማንኛውም ርቀት ብቻውን የማይፈታው ችግር አለ። በወንዝ ግራና ቀኝ የሚያበቁ፣ በመካከላቸው 12 ሜትር ያለ ሁለት የገጠር መንገዶችን እናስብ። በበጋ መኪና ውኃውን ረግጦ ይሻገራል፤ በክረምት አይሻገርም። ማጣበቂያው 15 ሜትር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ማንም ያልሠራውን ድልድይ ይሠራል። ከወዲያ ማዶ ያለው ቀበሌም በወረቀት ላይ ለጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ድልድይ የሚያስፈልገው ቦታ ድልድይ እንዳለው ተቆጥሮ ከዕቅድ ይወጣል። ይህን ለመከላከል ሊጣበቁ የታሰቡት ጫፎች በአጭር መስመር ተገናኝተው መስመሮቹ ከወንዞች ሌየር ጋር ይነጻጸሩ። ወንዝ የሚያቋርጠው ሁሉ ከማሽኑ እጅ ወጥቶ በሰው ዓይን ይታይ።

የዚህ ተቃራኒ የሚታየው በከተማ ማሳለጫዎች ላይ ነው። ከላይና ከታች የሚያልፉ ሁለት መንገዶች በካርታ ላይ ይቋረጣሉ እንጂ አይገናኙም። የመስበር ትእዛዙ ይህን ስለማያውቅ በድልድዩ መካከል መታጠፊያ ይፈጥራል፤ የተሰላው ጉዞም ከድልድዩ ላይ ወደ ታችኛው መንገድ ይወርዳል። በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ላይ ድልድዮች `bridge` እና `layer` በሚሉ መለያዎች ስለሚታወቁ ከመስበሩ በፊት ለይቶ ማቆየትና በኋላ በጫፎቻቸው ብቻ መመለስ ይቻላል።

ከሥራ ባልደረቦች የሚሰማው ተቃውሞ «ጥቂት ስሕተት በብዙ ሺህ መስመር ውስጥ ይቻቻላል» የሚል ነው። ለመንገድ ጠቅላላ ርዝመት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ 3 ሜትር ከብዙ ኪሎ ሜትር ውስጥ ምንም አይደለም። ለጉዞ ስሌት ግን አይሠራም። ስሕተቱ የሚያድገው በክፍተቱ ርዝመት ሳይሆን ከክፍተቱ ማዶ ባለው ነገር መጠን ነው። የ«ሀ» 3 ሜትር ካልተዘጋ «ሐ»ን፣ ጤና ኬላውንና በዚያ መንገድ የሚጠቀመውን ሕዝብ ሁሉ ይዞ ይቆረጣል። ሌላው ተቃውሞ የቀጥታ መስመርና የመንገድ ርቀት ንጽጽር ስሕተቱን ያጋልጣል የሚል ነው። ይረዳል፤ ነገር ግን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ የወረደ ሰው መንገድ ያለ ምንም የሌየር ስሕተት ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ያውቃል። ይልቁንም ኔትወርኩ ስንት የተነጣጠለ ክፍል እንዳለው መቁጠር ይቀድማል፦

```
v.net.components input=menged_2 output=kifloch method=weak
```

ቁጥሩ ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ ይወሰድ። ብዙ ከሆነ ክፍተት ቀርቷል። ማጣበቂያው በ1 ሜትር ሲጨምር ቁጥሩ በድንገት ቢያሽቆለቁል ደግሞ ምን እንደተገናኘ ቦታው ድረስ ወርዶ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ በየጥናታችን ውስጥ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአራት ነገሮች ብትተካ መልካም ነው፦ ሌየሩ የተሠራበት የትንበያ ሥርዓትና መለኪያ፣ የማጣበቂያው ርቀት ከነምክንያቱ፣ የማስወገጃው ገደብ ከትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ጋር፣ እና ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ ያለው የተነጣጠሉ ክፍሎች ቁጥር። ከግማሽ ገጽ አይበልጡም። አማካሪዎችና ፈታኞችም የተወገዱትን መስመሮች ሌየር ከጥናቱ ጋር እንዲቀርብ ቢጠይቁ፣ በካርታ ላይ የቀላ አንድ ጤና ኬላ መንገድ ስላጣ ይሁን መንገዱን እኛ ስለሰረዝንበት ሊለይ ይችላል።