የምጣድ ሽቦ ማሳጠር ጥገና አይደለም

የኤሌክትሪክ ምጣድ መበላሸቱን በሁለት መንገድ ያስታውቃል። አንደኛው፣ እንጀራው በአንድ ወገን ዓይን አውጥቶና በስሎ ሳለ በሌላው ወገን ሊጥ ሆኖ ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ ምጣዱ በርቶ ጥቂት እንደ ቆየ ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ ሲጨልም ነው። በላሊበላና በላስታ ደጋ ይህ ተራ የቤት ውስጥ ችግር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አገር በቀሉ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተወስኖ በቀረበት አካባቢ ምጣዱ ከሥራ ሲወጣ ቤተሰቡ የሚመለሰው ወደ ጭራሮና ወደ ኩበት፣ ከዚያም ወደ ጭሱ ነው። ስለዚህም የተበላሸው ምጣድ በፍጥነት እንዲጠገን ይፈለጋል፤ በፍጥነት የሚገኘው ጥገና ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም የማሞቂያውን ሽቦ ቆርጦ ማሳጠር፣ ብሬከሩ ከወረደም በተለቀ ብሬከር መተካት ነው። እኛ ይህ አሠራር ጥገና ሳይሆን አዲስ ብልሽት መፍጠር ነው እንላለን። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

አስቀድሞ የምጣዱን አሠራር እናስታውስ። በአገራችን የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከበስተ ጀርባው ክብ ክብ ቦይ የወጣለት የሸክላ ገበታ ነው። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የማሞቂያ ሽቦ ከዳር እስከ መካከል ይዘረጋና በጀሶ ወይም በጭቃ ይመረጋል። ከሥሩና ከዙሪያው የብረት ሽፋን ይደረግለታል። ሽቦው አንድ ወጥ ከሆነ በአንዱ ጫፍ የገባው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሌላው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ በየትም ቦታ መጠኑ እኩል ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መደምደሚያ ይገኛል፤ አንድ ወጥ ሽቦ ከተበጠሰ ምጣዱ ጨርሶ አይሞቅም እንጂ ግማሹ ብቻ አይሞቅም።

እንግዲያውስ ምጣዱ በአንድ ወገን ብቻ የሚቀዘቅዘው ስለ ምንድን ነው? የተለመዱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያ፣ ሽቦው የተመረገበት ጀሶ ተፈርፍሮ በሽቦውና በሸክላው መካከል አየር ሲገባ ሙቀቱ ወደ ሸክላው በሚገባ አይተላለፍም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጥቅሉ በአንድ ቦታ ተለጥጦ ሲሳሳ በዚያ ቦይ ያለው የሽቦ መጠን ስለሚያንስ ሙቀቱም ያንሳል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በጎን ለጎን ቦዮች ያሉ የሽቦ ጥቅሎች ሲነካኩ ፍሰቱ አቋራጭ ያገኝና በመካከል የቀረው ክፍል ቀዝቃዛ ይሆናል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ተርሞስታቱን ነው። ይሁን እንጂ ተርሞስታት ሙቀትን የሚለካው በአንድ ነጥብ ሲሆን የሚያበራውና የሚያጠፋውም ሽቦውን በሙሉ ነው። የተርሞስታቱ መገናኛ ነጥቦች ተቃጥለው ካልተገናኙ ምጣዱ በሙሉ አይሞቅም፤ ተጣብቀው ከቀሩ ደግሞ ምጣዱ በሙሉ ከልክ በላይ ይግላል። ግማሹን አብስሎ ግማሹን ጥሬ የሚያስቀር ግን ተርሞስታቱ አይደለም። ያም ሆነ ይህ በብዙ አገር ውስጥ በተሠሩ ምጣዶች ተርሞስታት የለም፤ ሙቀቱን ተመልክታ የምታበራውና የምታጠፋው ጋጋሪዋ ራሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሚከተለውን ምጣድ በምሳሌነት እንውሰድ። ሽቦው ለፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ 14 ኦም ነው። በአገራችን የቤት ቮልቴጅ ማለትም በ220 ቮልት ሲሠራ 220 ለ14 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ኃይሉም 3,450 ዋት ያህል ይሆናል። ይህ ለምጣድ የተለመደ መጠን ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከርም ይችለዋል።

ይህ ምጣድ ከማሠራጫው ርቆ በሸንተረር ላይ በተዘረጋ ረጅም መስመር መጨረሻ ባለ ቤት ይገኝ እንበል። ቀኑ የገና ዋዜማ ነው። ላሊበላ ከየአገሩ የመጡ ምእመናንን ታስተናግዳለች፤ በየቤቱም በአንድ ሰዓት ይጋገራል። መስመሩ ሲጨናነቅ በሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወደ 175 ወረደ ብለን እናስብ። ያን ጊዜ ፍሰቱ 12.5 አምፔር፣ ኃይሉም 2,190 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው በአንድ አምስተኛ ሲሆን ሙቀቱ ግን ከሲሶ በላይ ቀንሷል፤ ኃይል የሚለወጠው በቮልቴጅ ካሬ ልክ ነውና። ሊጡ ሲፈስ ዓይን አያወጣም፤ እንጀራው ይደርቃል እንጂ አይበስልም። ባለቤቲቱም ሽቦው አረጀ ብላ ጠጋኝ ትጠራለች።

ጠጋኙ ከሽቦው ሩቡን ይቆርጥና የቀረውን ለጥጦ ቦዩን ይሞላዋል። ተቃውሞው ከ14 ወደ 10.5 ኦም ይወርዳል። በዚያው በ175 ቮልት ምጣዱ አሁን ወደ 2,900 ዋት ይሰጣል፤ እንጀራውም ይበስላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲሸኝና መስመሩ ወደ 220 ቮልት ሲመለስ ያው ምጣድ 21 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም 4,600 ዋት ያልፋል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን ጥቂት ጊዜ ይታገሣል፤ ከዚያ ግን በጋገራው መካከል ሊወርድ ይችላል። ባለቤቲቱ አሁን ደግሞ ብሬከሩ ተበላሸ ትላለች።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከ16 ወደ 21 አምፔር ሲያድግ እያንዳንዱ የሽቦ ስንዝር የሚያመነጨው ሙቀት ወደ 80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጋለ ሽቦ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ከላይ እየተላጠ ይቀጥናል። የቀጠነው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ ይበልጥ የጋለውም ይበልጥ ይቀጥናል። በመጨረሻም ይበጠሳል። ጠጋኙም እንደገና መጥቶ እንደገና ያሳጥረዋል። የተለጠጠው ክፍል ደግሞ የሳሳ በመሆኑ በእንጀራው ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ይተዋል። እንዲህ ሲሆን ያልተስተካከለው ሙቀትና የሚወርደው ብሬከር ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ሳይሆኑ የአንድ መቀስ ልጆች ናቸው።

ትልቅ ብሬከር መትከልስ? ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ ያለውን የቤት ሽቦ ነው። ሽቦው ሳይለወጥ ባለ 16 አምፔሩ በባለ 32 ቢተካ ጨለማው ይቀራል፤ ሙቀቱ ግን ከምጣዱ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ሶኬቱና ወደ ጣሪያው ይዛወራል። ጣሪያው የሣር ከሆነ አደጋውን መናገር አያሻም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማንኛውም ጠጋኝ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገሮችን እንዲለካ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ ሳለ የሽቦው ተቃውሞ ነው። ለምሳሌአችን ምጣድ ወደ 14 ኦም ካነበበ ሽቦው ጤነኛ ነው። በግልጽ ካነሰ ተነካክቷል ወይም ቀድሞ ተቆርጧል፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ሁለተኛው ቮልቴጅ ነው፤ ይህም የሚለካው ምጣዱ በርቶ ሳለ በሠለጠነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ተማሪዎች በራሳቸው እንዳይሞክሩት አደራ እንላለን። መለካት ያለበትም በቆጣሪው አጠገብና በሶኬቱ ላይ ነው። በሁለቱም ዝቅተኛ ከሆነ ጉድለቱ የመስመሩ ነውና አቤቱታው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይቅረብ፤ ጋገራውም ጭነት ወደሚቀንስበት ሰዓት ይዛወር። በቆጣሪው 215፣ በሶኬቱ ግን 175 ከሆነ በመካከል 40 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው። በ12.5 አምፔር ሲባዛ 500 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት በቀጭን ሽቦ ወይም በላላ ማያያዣ ላይ በቤቱ ውስጥ ይነድዳል። ይህ ቤት የሚያስፈልገው የመስመር ጥገና እንጂ የምጣድ ጥገና አይደለም።

ሦስተኛው፣ በሽቦው ጫፍና በብረት ሽፋኑ መካከል ያለው ተቃውሞ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ኦም በታች ከሆነ ምጣዱ መብራት የለበትም። በክረምት ሳይሠራበት የከረመ ሸክላ እርጥበት ይጠጣና ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል። ተራ ብሬከር የሚሠራው በብዙ አምፔር ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ይበቃል። በሊጥ የራሰ እጅ ያላት፣ በባዶ እግሯ በአፈር ወለል ላይ የቆመች እናት ብረቱን ስትነካ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ የብረት ሽፋኑ ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ፣ የከረመውም ምጣድ በፀሐይ በሚገባ ሳይደርቅ አለመብራት ይገባዋል። ተራው የእጅ መለኪያ በጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚለካ ደኅና ነው ቢልም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጥርጣሬ ካለ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሙሉ ሽቦ ዋጋው ይወደዳል፣ በየገበያውም አይገኝም፣ ልጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ይበላሉ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እውነትም አለበት። ሽቦው የተበጠሰው ጫፉ ላይ፣ ከማገናኛው አጠገብ ከሆነና የሚቆረጠው ከሃያ አንድ እጅ የማይበልጥ ከሆነ፣ በብሎን አጥብቆ ማሠር ይቻላል፤ ፍሰቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። በእጅ ብቻ ጠምዝዞ መተው ግን መጋጠሚያውን ያግለዋል። በእርሳስና በቆርቆሮ መበየድም አይረዳም፤ ተራው መበየጃ ወደ 190 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የምጣዱ ሽቦ ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከሃያ አንድ እጅ በላይ የሚቆረጥ ከሆነ ግን በውፍረቱም በርዝመቱም ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነ አዲስ ሽቦ ይግባ፤ ቦዩም እንደገና በሚገባ ይመረግ።

ለዚህ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ቀላል ልማድ እንዲጀመር እንመክራለን። ምጣድ የሚሠሩና የሚጠግኑ ሁሉ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሽቦውን ቀዝቃዛ ተቃውሞ በኦም በብረት ሽፋኑ ላይ በምስማር ጭረው ይጻፉት። «14» የሚል አንድ ቁጥር ይበቃል። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ለክቶ 10.5 ቢያገኝ ከእርሱ በፊት መቀስ ያነሣ ሰው እንደ ነበረ ያውቃል፤ 14 ቢያገኝ ደግሞ መቀሱን በኪሱ ያስቀምጥና ወደ ሶኬቱ ይሄዳል።