መጨረሻው የሚታይ ጨዋታ

በመዝናኛ ክፍላችን በሚገኙት ሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ምን ዓይነት ጨዋታ ይጫን የሚለው ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። እስከ አሁን የቀረበው ሐሳብ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ይኸውም ዓለሙ የሰፋ፣ ሥዕሉ ያማረ፣ ወር ሙሉ ተጫውተውት የማያልቅ ጨዋታ ይግባልን የሚል ነው። ወዳጁ ብዙ ስለ ሆነ ይግባ፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ከመካከላችን ሐሳባቸውን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት የሚቸግራቸው ተማሪዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ከሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ምክንያቴንም እነሆ እዘረዝራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ትልቁ ጨዋታ እነዚህን ተማሪዎች ለምን እንደሚያሸንፋቸው እንመልከት። ጨዋታው ሲከፈት በአንደኛው ማዕዘን ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ በብዙ ቀለም የተነጠበ ምልክት ሞልቶበታል። በሌላው ማዕዘን የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር፣ ከታች የጤናና የጥይት መጠን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የሚጣራ ሰው፣ የሚያብረቀርቅ ሣጥን፣ የሚበር ወፍ አለ። ዋናው ተልእኮ ምናልባት ከተራራው ማዶ ወዳለው መንደር መድረስ ብቻ ይሆናል። ሐሳቡ ቶሎ የሚሰበሰብለት ተጫዋች ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ይጓዛል። ሐሳቡ የሚበተንበት ግን ሣጥኑን ለመክፈት ይወርዳል፤ ከሣጥኑ አጠገብ የሚጣራውን ሰው ያነጋግራል፤ ሰውየውም ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ወዴት እየሄድህ ነበር?» ብትሉት መልስ የለውም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ተረት፤ እዚህ ግን ሃያ ባላ ተተክሎ ሰውየው በየትኛው እንደ ተንጠለጠለ ጠፍቶታል። በሦስተኛው ቀን ጨዋታውን ይተወዋል፤ እኛም «ጀምሮ መተው ልማዱ ነው» እንለዋለን።

የዚህ ተማሪ ችግር ትኩረት የሚባል ነገር ስለሌለው አይደለም። ትኩረቱ ለተንቀሳቀሰው ሁሉ ስለሚሄድበትና የሩቁን ግብ በልቡ ይዞ መቆየት ስለሚከብደው ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆነውን ጨዋታ በሁለት ጥያቄ ልንመዝነው እንችላለን። መጨረሻው ቅርብ ነውን፣ ምን ያህል እንደ ቀረውስ ዘወትር ይታያልን? ሁለተኛም፣ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ተጫዋቹን የሚመለከት ነውን?

ሁለቱንም ጥያቄ ጥሩ አድርጎ የሚመልስ አንድ ጨዋታ አለ፤ እርሱም ቴትሪስ ነው። ብዙዎቻችን በስልክ አይተነዋል። የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሲሆን፣ ዓመቱም 1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ቦታው ሞስኮ ነው። የሠራበት ኮምፒዩተር ሥዕል የማውጣት ችሎታ ስላልነበረው፣ ጡቦቹ የተሠሩት በጽሑፍ ምልክት፣ ማለት በቅንፍ ነበር። ጨዋታው ያለ አንዳች ጌጥ ተወለደ፤ ያለ ጌጥም ዓለምን ዞረ። ሜዳው በአግድም 10፣ ወደ ላይ 20 ቤት አለው። ከላይ የሚወርደው ጡብ ሰባት ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከአራት ቤት የተሠራ ነው። አንድ ረድፍ ሲሞላ ይጠፋል። ደንቡ ይኸው ነው።

ሆኖም «ቴትሪስ ይጫን» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ዓይነቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት መጨረሻ የለውም፤ ጡቡ እየፈጠነ ይወርዳል፣ ተጫዋቹም እስኪሸነፍ ድረስ ይጫወታል። ይህ ለምንነጋገርለት ተማሪ መጥፎ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታውን የሚያቆመው ሁልጊዜ ሽንፈት ነው። ጀምሮ ያለመጨረስ ስም ለተሰጠው ሰው፣ የማይጨረስ ጨዋታ መስጠት ቁስሉን መንካት ነው።

ሌላው ዓይነት አርባ ረድፍ የሚባለው ነው። በዚህ ውስጥ አርባ ረድፍ ሲጸዳ ጨዋታው በድል ያልቃል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አርባ ረድፍ በአሥር ሲባዛ 400 ቤት ይሆናል፤ 400 ለአራት ሲካፈል ደግሞ 100 ጡብ ይመጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቀው መቶ ጡብ ገደማ መሆኑን ያውቃል። ጀማሪ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የለመደ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ይበቃዋል። የቀረው ረድፍ ቁጥርም ከሜዳው አጠገብ ተጽፎ፣ ከአርባ ወደ ዜሮ ሲወርድ ይታያል። ሐሳቡ ለአፍታ ሄዶ ቢመለስ እንኳ ቁጥሩን አይቶ ያለበትን ወዲያው ያውቃል። በትልቁ ጨዋታ ይህ አይገኝም።

አጨዋወቱንም ለዚህ ተማሪ እንደሚመች ማድረግ ይገባል። የለመዱ ተጫዋቾች በአንድ ዳር አንድ ቤት ስፋት ያለው ጉድጓድ ክፍት ትተው፣ ረጅሙ ዘንግ ሲመጣ አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ያጸዳሉ። ይህ ለፍጥነት ጥሩ ነው። ነገር ግን የዛሬዎቹ ቴትሪሶች ጡቦቹን የሚያወጡት ሰባቱን አንድ ላይ አደባልቀው፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ እንደ ገና በማደባለቅ ነው። ስለዚህ በአንዱ ዘንግና በሚቀጥለው መካከል እስከ 12 ሌላ ጡብ ሊገባ ይችላል። አሥራ ሁለት ጡብ ሙሉ አንድ እቅድ በልብ ይዞ መጠበቅ፣ ያ ተማሪ የሚቸገርበት ነገር ራሱ አይደለምን? ስለዚህ ጉድጓዱን ይተው፤ አንድም ሁለትም ረድፍ በደረሰ ጊዜ ያጽዳ። ጊዜው በጥቂቱ ይረዝማል፤ ግቡ ግን ሁልጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ጡብ ርቀት ላይ ይሆንለታል።

አሁን ወደ ስክሪኑ እንምጣ። በሜዳው ጎን ቀጥለው የሚመጡት ጡቦች ተሰልፈው ይታያሉ፤ በብዙዎቹ አምስት ያህል ናቸው። ማሳነስ ከተቻለ አንድ ብቻ ይቅር። ካልተቻለ የቀሩትን በወረቀት ቁራጭ መሸፈን ነው። ከወረደ የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው የጡቡ ጥላ ግን አይነካ፤ እርሱ ጌጥ አይደለም፣ ሥራ ያቀላል። ሩጫውን የሚቆጥረው ሰዓት ደግሞ ይሸፈን። የተጫዋቹ ዓይን ከጡቡ ወደ ሰዓቱ በተመላለሰ ቁጥር ጡቡ ከታሰበለት ቤት አጠገብ ሲወድቅ ይታያል። እንዲሁም በ2018 የወጣውን «ቴትሪስ ኢፌክት» የተባለውን ውብ ጨዋታ ማንም እንዲያመጣልን አልመክርም። መሠረታዊው ደንብ ያው ነው፤ ነገር ግን ከጡቦቹ በስተኋላ ብርሃን ይፈነዳል፣ ባሕር ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃው ከእያንዳንዱ ጡብ ጋር ይለዋወጣል። ለብዙ ሰው ደስታ ነው፤ ለእኛ ተማሪ ግን ያንኑ የተተወ ገበያ መልሶ ማምጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ መኖሩን መሸሸግ አይገባም። አጭር ጨዋታ ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎም ይጀመራል። አንድ ቁልፍ ሲነኩ አዲስ መቶ ጡብ ይመጣል። ጊዜ ሲያልፍ የማይታወቀው ሰው «አንድ ልጨምር» እያለ ምሽቱን ሊፈጅ ይችላል። መድኃኒቱ ከስክሪኑ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ በወረቀት ላይ ሦስት ሣጥን ይሣላል፤ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዱ ይሞላል፤ ሦስተኛው ሲሞላ ተጫዋቹ ከወንበሩ ይነሣል። ከዚያ በፊት ትኩረቱ ማለቁን የሚያሳይም ምልክት አለ። ጡቡ የት እንደሚያርፍ ሳያይ ወደ ታች መልቀቅ ከጀመረ፣ ክምሩም በአንድ ወገን ብቻ እየወጣ ከሄደ፣ ዙሩን ይጨርስና ሌላ አይጀምር።

አንዳንዶች «እንግዲህ ቼዝ አለ፣ እርሱም ስክሪኑ ንጹሕ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ሰሌዳው 64 ቤት ብቻ ነው። ነገር ግን በቼዝ ላይ የተሠራ ስሕተት ዋጋው የሚታየው ከአሥር እርምጃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ንጽሕና ብቻውን አይበቃም፤ መልሱ ቶሎ መምጣት አለበት። ጣቱ ፈጣን ላልሆነ ሰው ቼዝ እንዲጠቅም ከተፈለገ፣ ሙሉውን ጨዋታ ትቶ በአንድ ወይም በሁለት እርምጃ ንጉሡን የሚያስማቱ አጫጭር ጥያቄዎችን መስጠት ይሻላል። እነርሱም ግባቸው ከመጀመሪያው ተነግሮ፣ ትክክል መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ሌሎች ደግሞ ጨዋታው ሕመሙን ያድናል ብለው እንዳይጠብቁ እሰጋለሁ። በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ፣ የትኩረት ችግር ላለባቸው ልጆች በሐኪም የሚታዘዝ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ፈቅዷል። ያም ቢሆን ስሙ ኢንዴቨር የተባለ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራና የተፈተነ ጨዋታ ነው፤ መሻሻሉም የተለካው በኮምፒዩተር በሚሰጥ የትኩረት ፈተና ነው። ቴትሪስ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም፤ እኔም በመድኃኒት ስም አላቀርበውም። የምጠይቀው መዝናኛ ነው። መዝናኛ ክፍል ለሁሉም ከተከፈተ፣ የሚያዝናናው ለሁሉም መሆን አለበት።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በአንደኛው ኮምፒዩተር ላይ የተፈለገው ትልቅ ጨዋታ ይጫን። በሁለተኛው ላይ አርባ ረድፍ ይቀመጥ፤ የኋላ ሥዕሉ ጥቁር ይሁን፣ ሰዓቱ ይሸፈን፣ አጠገቡም ሦስት ሣጥን የተሣለበት ወረቀትና እርሳስ ይኑር። ከአንድ ወር በኋላ ወረቀቶቹ ተሰብስበው ይቈጠሩ። ማን ፈጠነ ተብሎ አይጠየቅ፤ ስንት ዙር ተጀመረ፣ ስንቱስ እስከ አርባ ደረሰ ተብሎ ይጠየቅ። ቁጥሩ ሐሳቤን ካልደገፈው ጨዋታው ይነሣ። ከደገፈው ግን «ጀምሮ መተው ልማዱ ነው» የምንለውን ሰው ከመንቀፋችን በፊት፣ እንዲጨርስ የሰጠነው ነገር መጨረሻ ያለው መሆኑን እናጣራ።