«ካቃጠለ እየሠራ ነው» የምትለው አባባል

በየፀጉር ቤቱ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። ደንበኛዋ ሪላክሰር ተቀብታ ወይም ካስክ ውስጥ ገብታ «ኧረ አናቴን አቃጠለኝ» ስትል፣ ሠሪዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «ትንሽ ቻይው የኔ ቆንጆ፣ ካቃጠለ እየሠራ ነው» ትላታለች። ደንበኛዋም ትችላለች። እንዲህ እያለች ማቃጠልን የውበት ዋጋ አድርጋ ትለምደዋለች። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ኬሚካል ሳይነካው፣ ካስክ ሳይሞቀው፣ እሑድ ማታ ትራስ ላይ ጋደም እንዳለች ያው አናቷ በራሱ ጊዜ ሲያቃጥላት፣ ነገሩን እንደ ምልክት አትቆጥረውም።

መቆጠር ግን ነበረበት። ምክንያቱም ፀጉርን ከሥሩ ገድሎ በቦታው ጠባሳ የሚተው የበሽታ ዓይነት አለ። ሐኪሞች «ስካሪንግ አሎፔሺያ» ይሉታል፤ ጠባሳ አስቀሪ የፀጉር መመለጥ ማለት ነው። በውስጡ ብዙ በሽታዎች አሉ። ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሴቶች ላይ ጎልቶ የሚታየው ከመሐል አናት ጀምሮ ወደ ዙሪያው እንደ ክብ እየሰፋ የሚሄደው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉትን ነው።

ተራውን መነቃቀልና ይህንን የሚለያቸው ቆዳው ሥር ያለው ነገር ነው። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው ቆዳ ውስጥ ከተቀበረች ትንሽ ከረጢት ነው። በከረጢቷ የላይኛው ክፍል፣ ወዝ ከሚያመነጨው ዕጢ አጠገብ፣ ፀጉሩ በተነቀለ ቁጥር አዲሱን የሚያበቅሉ ዘር ሕዋሳት ይቀመጣሉ። በዚህ በሽታ የሰውነት ብግነት የሚያነጣጥረው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። ዘር ሕዋሳቱ ያልቃሉ፣ ወዝ ዕጢው ይጠፋል፣ ከረጢቷም በጠባሳ ትደፈናለች። ቆዳው ላይ የነበሩት ቀዳዳዎች ስለሚዘጉ ቦታው እንደ ሲኒ ለስልሶ ያብረቀርቃል። እንግዲህ ማቃጠሉና መቅላቱ እሳቱ ገና እየነደደ መሆኑን ይናገራሉ፤ ማብረቅረቁ ደግሞ የተቃጠለውን ያሳያል። አንዱ ሌላውን ሳይከተል ነው ሐኪም ጋ መድረስ የሚያስፈልገው።

አያና ፕሬስሊ የተባለችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ መርገፉን በአደባባይ ስትናገር ብዙ ሰው «አሎፔሺያ» የሚለውን ቃል ሰማ። የእሷ ግን ሌላ ነው። አሎፔሺያ አሬታ የሚባለው፣ ብዙዎች «ላሽ» ከሚሉት ጋር የሚቀራረበው፣ ፀጉሩን ቢያረግፍም ከረጢቷን አይደፍንም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የመመለስ ዕድል አለ። «የእገሊት ፀጉር በራሱ ጊዜ ተመልሷል፣ የአንቺም ይመለሳል» የሚለው ማጽናኛ የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው። ጠባሳ በሚያስቀረው በሽታ ግን እየጠበቁ መቆየት ማለት እያጡ መቆየት ነው።

አንዲት የ36 ዓመት የባንክ ሠራተኛ አለች እንበል። መጀመሪያ መሐል አናቷን ይበላት ጀመር። የዙሪያው ፀጉር እያደገ የአናቷ ብቻ እየተሰባበረ አጭር ሆኖ ቀረ። ሹሩባ ስትሠራ ማበጠሪያው እዚያ ቦታ ሲደርስ ያማታል። ሠሪዋ «ፎረፎር ነው» አለቻት፤ የፎረፎር ሻምፑ ገዛች። አልተሻላትም። ጓደኛዋ የጉሎ ዘይት ነገረቻት፣ ሌላዋ የሽንኩርት ጭማቂ። ሽንኩርቱ ሲያንገበግባት «እየሠራ ነው» ብላ ተደሰተች። በዚህ መሐል ስምንት ወር አለፈ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ «ቆረቆር ሊሆን ይችላል» ተብሎ የፈንገስ መድኃኒት ተሰጣት፤ ቆዳዋ ግን ተፍቆ አልተመረመረም። መድኃኒቱን ጨርሳም ማቃጠሉ አልቆመም። የሳሳውን ለመሸፈን ሂዩማን ሄር አሰፋች። የተሰፋ ፀጉር ደግሞ ከላይ ሲታይ ችግር የሌለ ያስመስላል፣ ከሥሩ ያለውንም ይጎትታል። ከወራት በኋላ ስታስፈታው በአናቷ ላይ የመዳፍ መሐል የሚያህል ቦታ ለስልሶ እያብረቀረቀ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የነገራት። ግን እዚህ መንገድ ላይ አንድ ሰው እንኳ ፀጉሯን ከፋፍሎ በደንብ በብርሃን ቆዳዋን ቢያይላት ኖሮ፣ ያ የመዳፍ መሐል የሚያህለው ቦታ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

«መቅላት» የሚለውም ቃል ያሳስታል። የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው፤ እዚያ ብግነት እንደ ቲማቲም ይቀላል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ከቅላት ይልቅ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል ወይም ቡናማ ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። አንዳንዴም ከናካቴው ሳይታይ ይቀራል። ቀይ ነገር ፈልጋ ያላገኘች ሴት «ደህና ነኝ» ማለት የለባትም። ይልቅ ሁለት ነገር ትመልከት። አንደኛው ስሜቱ ነው፦ ኬሚካል ሲያቃጥል ሕመሙ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ይህኛው ግን ምንም ሳይነካው ለሳምንታት ያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። ሁለተኛው የቆዳው ገጽ ነው። የሳሳው ቦታ ላይ የስልክ መብራት አብርቶ ጠጋ ብሎ ፎቶ ሲነሣ የፀጉር መውጫ ነጠብጣቦች ከታዩ ሥሩ ገና አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ነጠብጣቦቹ ጠፍተው ቆዳው ወጥ ሆኖ ካብለጨለጨ ግን ቀጠሮ የሚቆረጠው በዚያው ሳምንት ነው። እርግጥ ማቃጠል ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ የቀለም አለርጂም፣ ፎረፎርም ያቃጥላል። ያንን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ የሻምፑ ብልቃጥ አይደለም።

ጥፋቱን በሙሉ በፀጉር ቤት ላይ መጫንም ትክክል አይሆንም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ይህ በሽታ መጀመሪያ ሲጻፍ «የጋለ ማበጠሪያ መመለጥ» ነበር የተባለው። ፔስትራ ሲደረግ የቀለጠው ቅባት ወደ ሥሩ ወርዶ ያቃጥላል ተብሎ ታሰበ። በኋላ ግን የጋለ ማበጠሪያ ነክተው የማያውቁ ሴቶችም ተይዘው ተገኙ፤ ስሙም ተቀየረ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከተመረመሩ 58 ሕሙማን ሴቶች በ14ቱ ላይ የፀጉርን ዘንግ በመሥራት ድርሻ ያለው አንድ ዘረ መል ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ማለት ለአንዳንዶቹ ነገሩ በቤተሰብ ይወርዳል። እናቷ ወይም እህቷ አናቷ ላይ የተመለጠባት ሴት፣ የእሷ ገና እንደ ተልባ ሲያብለጨልጭም ቢሆን ማሳየት አለባት። የሚጎትት ሹሩባና ጠንካራ ኬሚካል ብቻቸውን ምክንያት ባይሆኑም ለታመመ ሥር ሸክም ናቸውና፣ በሕክምና ላይ ያለች ሴት ብትተዋቸው ይሻላታል።

የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ ስትሄድ ፀጉሯ የተፈታ፣ ቅቤና ዘይት ያልተቀባ ይሁን። ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ ያይና ካስፈለገ ናሙና ይወስዳል። ይህኛው ብዙዎችን ያስፈራል፣ ግን ቦታው በመርፌ ደንዝዞ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ ቆዳ ተወስዳ በአንድ ሁለት ስፌት የሚያልቅ ነገር ነው። ዋናው ቁምነገር ከየት ይወሰዳል የሚለው ነው። ከሚያብረቀርቀው መሐል ከተወሰደ ውጤቱ «ጠባሳ ነው» ብቻ ይላል፤ ለሕክምና የሚጠቅም መልስ የሚገኘው ፀጉር ገና ካለበት፣ ከሚያቃጥለው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛዋ «የሚያቃጥለኝ እዚህ ጋ ነው» ብላ በጣቷ ማሳየቷ ሐኪሙን ያግዘዋል።

ሕክምናው እሳት ማጥፋት ነው። ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት፣ በየጥቂት ሳምንቱ እዚያው ቆዳ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፣ ብግነት የሚያበርድ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ እንክብል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ሌላም ይጨመራል። ሚኖክሲዲል ገና በሕይወት ያለውን ፀጉር ሊያጠነክር ይችላል፣ የተደፈነውን ከረጢት ግን አይከፍትም። ሁሉም ወራትን ይፈልጋል። የባንክ ሠራተኛዋ ሕክምና ከጀመረች በኋላ በጥቂት ወራት ማቃጠሉ ቆመ፣ ጠርዙም መስፋቱን አቆመ እንበል። መሐሉ ግን አልተመለሰም፣ አይመለስምም። «ፀጉሬ ካልበቀለ ምን ዋጋ አለው?» ብለው መድኃኒቱን የሚያቋርጡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ድሉ የሚለካው በበቀለው ሳይሆን ባልጠፋው ነው፤ ለዚያም ነው በየሁለት ሦስት ወሩ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን የሚነሣ ፎቶ ከመስተዋት የበለጠ እውነት የሚናገረው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሰዎች መለወጥ አለባቸው። አንደኛዋ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ሐኪም አመታት የማያየውን አናት እሷ በየሁለት ሳምንቱ ታየዋለች፤ በሙያ ሥልጠናዋ ውስጥ ፔስትራና ቀለም ሲካተት «ይህን ቦታ ስፔሻሊስት ይየው» የምትልበት ግማሽ ቀን ትምህርት አለመኖሩ አሳዛኝ ነው። ሁለተኛው በየጤና ጣቢያውና በየፋርማሲው ያለው ባለሙያ ነው። አዋቂ ሴት ላይ ፎረፎርም ቆረቆርም ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶ ካልተሻላት፣ ሦስተኛ ሻምፑ መስጠት ሳይሆን ወደ ቆዳ ክፍል መላክ ነው ሥራው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አለርት ያለ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል አለ፤ ክፍለ ሀገር ያለችው ግን ለአንድ ቀጠሮ የአውቶቡስ ጉዞ ይጠብቃታልና፣ የላኪው ወረቀት በፈጠነ ቁጥር ለእሷ ይጠቅማታል።

ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላም አንድ ነገር። ቱርክ ሄደው «ሞልቶልኝ መጣሁ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቻናሉ ሞልተዋል። ብግነቱ ባልበረደ አናት ላይ የሚተከል ፀጉር ግን በዚያው በሽታ ሊበላ ይችላል። ስፔሻሊስቶች በሽታው ያለ ምንም ምልክት ቢያንስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ጸጥ ማለቱን ሳያዩ አይፈቅዱም። ብሩን ከመክፈል በፊት ለተካዩ የሚቀርበው ጥያቄም «ስንት ፍሬ ትተክላለህ?» ሳይሆን «የናሙናዬን ውጤት አይተኸዋል?» የሚለው ነው።