አስፈላጊውን ከአላስፈላጊው የማይለይ ጣሪያ

አንድ ዘመዴን ለሲቲ ስካን ይዤ ወደ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ሄጄ ነበር። ተራችንን ስንጠብቅ ከፊታችን አንድ ሰው ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። አጠገቡ ባለቤቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች መምህርት ናት።

«እህቴ፣ የጤና ሽፋን አለን እኮ። ካርዱ ይኸው።»

«ወንድሜ፣ ካርዱ ይሠራል። ለኤምአርአይና ለሲቲ የተመደበላት የዓመቱ ገንዘብ ግን አልቋል። ክረምት ላይ ተነሥታለች።»

ሰውየው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ስልኩን አወጣና ወንድሙ ጋር፣ ከዚያም የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ጋር መደወል ጀመረ። ገንዘቡ እስኪገባለት አጠገቤ ተቀምጦ ነገሩን አጫወተኝ። ባለቤቱ ክረምት ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ስታነሣ ወገቧን ያማታል። በሳምንቱ ክሊኒክ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ሕመሙ ወገቧ ላይ ብቻ ነበር፤ ትራመዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ትኩሳትም የላትም። «ሽፋን ስላለኝ ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ» ትላለች፤ ሐኪሙም ይጽፍላታል። ውጤቱ «መጠነኛ የዲስክ መውጣት» የሚል ሆነ። ማስታገሻ ተሰጣት፣ በጥቂት ሳምንታትም ተሻላት። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሁለቱም እግሮቿ ዝለዋል፣ ጭኗና መቀመጫዋ አካባቢ ደንዝዟል፣ ሽንቷም አልወጣ ብሏል። የመረመራት ሐኪም ወረቀቱ ላይ «አስቸኳይ» ብሎ ጽፎ ልኳታል።

ሐኪሙ የጠረጠረው ከአከርካሪ ግርጌ የሚወርዱት ነርቮች በዲስክ ወይም በሌላ ነገር ታፍነው እንደሆነ ነው። ይህ ችግር ጊዜ አይሰጥም። ነርቮቹ በቶሎ በቀዶ ሕክምና ካልተለቀቁ የሽንትና የእግር ችግሩ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ የት እንደሚገባ የሚያሳየው ደግሞ ኤምአርአይ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ የክረምቱ ምስል ባይነሣም ሕክምናው ያው ማስታገሻ ነበር። ይኸኛው ምስል ግን የሴትየዋን ዕጣ የሚወስን ነው። ሽፋኑ የከፈለው ለመጀመሪያው ሆነ፤ ለሁለተኛው በር ዘጋ።

ጥፋቱ የማን ነው? የመምህርቷ ነው ለማለት አልደፍርም። የታመመ ሰው ከውስጡ ያለውን ማየት ይፈልጋል፤ ማን አይፈልግም? ነገር ግን ምስል ያየውን ሁሉ ያሳያል እንጂ የሚያመው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ምስል የመረመሩ 33 ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። በዚያ መሠረት የዲስክ መውጣት በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ በ30 ከመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ላይ በ84 ከመቶ ይታያል። እነዚህ ሰዎች ሕመም የላቸውም። ስለዚህ የመምህርቷ «መጠነኛ የዲስክ መውጣት» የሕመሟ መንስኤ ይሁን የዕድሜዋ ምልክት፣ ምስሉ ብቻውን ሊመልስ አይችልም። ወረቀቱን ያነበበ ሕመምተኛ ግን «ዲስኬ ተንሸራትቷል» ብሎ ይፈራል፣ ከሥራ ይቀራል፣ አንዳንዱም ሌላ ምርመራ ፍለጋ ይዞራል።

የሕክምና መመሪያዎች የወገብ ሕመም ሲጀምር ወዲያው ወደ ምስል አትሂዱ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛው ሕመም ወደ ስድስት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በእንቅስቃሴና በማስታገሻ ይቀላል። ሳይዘገይ ምስል የሚያስፈልገው አደገኛ ምልክት ሲኖር ነው፦ የእግር መዛል፣ የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ የሽንት ወይም የሰገራ መታገድ ወይም ማምለጥ፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰር፣ ከባድ አደጋ። ሐኪም በእጁ ዳስሶ፣ እግር አስነሥቶ፣ ጠይቆ የሚለያቸው ነገሮች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱን በጊዜው መለየት።

ሲቲ ስካን ላይ ሌላም ጉዳይ ይጨመራል። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ሲቲ ግን ራጅ ነው፤ ብዙ ራጅ። አንድ የሆድ ሲቲ ከአፈርና ከአየር፣ ከሰማይም በተፈጥሮ በሦስት ዓመት ገደማ የምንቀበለውን ያህል ጨረር ይሰጣል። የሚያስፈልገው ሰው ከዚህ ፈርቶ መቅረት የለበትም፤ የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል። ሳያስፈልገው የሚነሣ ሰው ግን ምን አተረፈ?

ሪፈር የሚባለው ሥርዓት የተሠራው የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለመለየት ነው። በእኛ አገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን እንዲከተል ይጠበቅበታል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ዘልሎ ሆስፒታል የገባ ከወጪው ከፊሉን ራሱ ይሸፍናል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማጉላላት ያየዋል፤ ወረፋውንና ምልልሱን ሳስብ አልፈርድበትም። ነገር ግን የሪፈር ወረቀት የይለፍ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው ትርጉሙ የሚጠፋው። የመምህርቷ የክረምት ወረቀት ላይ የነበረው ስሟ፣ ዕድሜዋና «የወገብ ኤምአርአይ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ባልየው አውጥቶ አሳየኝ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? እግር ይዝላል? ምን ተጠርጥሮ ነው? አንዱም አልተጻፈም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ ጥያቄውን ያልጻፈ ሪፈርም መልስ አያገኝም። ምስሉን የሚያነበው ሬዲዮሎጂስት ምን እንደሚፈልግ ካልተነገረው ያየውን ሁሉ ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ከፋዩም ለምን እንደከፈለ አያውቅም።

ታዲያ ሽፋን ሰጪዎች ለምን ጣሪያ ያስቀምጣሉ? ስግብግብነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ዕድራችንን እናስብ። በየወሩ የምናዋጣው ለሁላችን ሐዘን ነው፤ አንዱ ለትንሹም ለትልቁም እያወጣ ከጨረሰው ሌላው ቤት ሐዘን ሲገባ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። የጤና ሽፋንም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። 1,000 አባላት ያሉት ሽፋን ለምስል ምርመራ በዓመት ከእያንዳንዱ 1,000 ብር ቢመድብ 1,000,000 ብር ይሆናል። አንዱ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ 10,000 ብር ነው እንበል። ሣጥኑ 100 ምስል ይከፍላል ማለት ነው። ከ1,000 ሰው ውስጥ በዓመት ወገቡን የሚያመው ከ100 በላይ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሁሉም እንደ መምህርቷ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነሣ ሣጥኑ ዓመቱ ሳይሞላ ያልቃል። መድን ሰጪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መዋጮውን ይጨምራል፣ ወይ ቢያንስ ሁለተኛ ምስል እንዳይከፍል ለእያንዳንዱ ሰው 10,000 ብር ላይ ያቆማል። አሠሪዎች መዋጮ መጨመር ስለማይወዱ ጣሪያው ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ አመክንዮው ይገባኛል። ችግሩ ጣሪያው ብርን እንጂ ሕመምን አለመቁጠሩ ነው። ለሁለት ሳምንት የወገብ ሕመም የተነሣውንና ሽንቷ የታገደባትን ሴት እኩል ያያቸዋል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ካንሰር ያለበት ሰው ከሕክምና በፊት ሲቲ ይነሣል፤ በሕክምናው መካከል ዕጢው መቀነሱን ለማየት ደግሞ ይነሣል፤ ሲያበቃም ይነሣል። ሦስቱም ሕክምናውን የሚመሩ ናቸው። 10,000 ብር ላይ የሚቆም ጣሪያ የሚከፍልለት ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ጤነኛው ሰው ጣሪያውን ሳይነካ ዓመቱን ይጨርሳል፤ በጽኑ የታመመው ግን ገና በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ይመታዋል። መድን የተፈጠረው ለዚህ ለሁለተኛው ሰው አልነበረምን?

ስለዚህ ጣሪያው ይነሣ አልልም። ቦታውን ይቀይር ነው የምለው። ገደቡ ብሩ ላይ ሳይሆን ምክንያቱ ላይ ይደረግ። አደገኛ ምልክት የሌለበት አዲስ የወገብ ሕመም ስድስት ሳምንት ይጠብቅ፤ ያን ጊዜ ካልተሻለ ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ይላክ። አደገኛ ምልክት የተጻፈበት ሪፈር ግን ቅድመ ፈቃድ ሳይጠየቅበት፣ የዓመቱ ገንዘብ ቢያልቅም ይከፈልለት፤ ማጣራቱ በኋላ ይምጣ። የካንሰር ክትትል ለብቻው ይመደብ። ይህ የሚሠራው ደግሞ ሪፈሩ በትክክል ሲጻፍ ብቻ ነው። ሐኪሙ አራት መስመር ቢጽፍ፦ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በምርመራ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደጠረጠረ፣ ውጤቱ ሕክምናውን እንዴት እንደሚቀይር። ሰልፍ ለበዛበት ሐኪም አራት መስመርም ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አራቱ መስመሮች የሚቆጥቡት ገንዘብ የሌላ ሕመምተኛ ምስል ነው።

እኛም ድርሻ አለን። ሐኪም ምስል ሲያዝ «ዶክተር፣ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ያደርጉልኛል? እንዲያ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱ በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ከሆነ ምስሉ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ «ለጊዜው አያስፈልግም» ሲልም ነፈገኝ አንበል፤ መቼ እንመለስ፣ የትኛው ምልክት ቢመጣ እንሩጥ ብለን እንጠይቀው። የድሮ ምስል ካለንም ይዘን እንሂድ፤ ያው ምስል ሁለት ጊዜ አይነሣ።

የመሥሪያ ቤት ሽፋን ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የውላችሁን ወረቀት አውጥታችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ለምስል ምርመራ የተቀመጠው የዓመት ጣሪያ ስንት ነው? ለድንገተኛ ልዩ አንቀጽ አለው? አንቀጹ ከሌለ ውሉ ከመታደሱ በፊት ለሰው ኃይል አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቁ። ስትታመሙ መጠየቅ ዘግይቷል።